2 ዓመት ከ10 ወር ከሥራ ርቄያለሁ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ስንት ዓረፍተ ነገር ይበቃል?

ሒሳብተኛዋ

ጤና ይስጥልኝ። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። አንድ ድርጅት ውስጥ 6 ዓመት ሠርቼ በፈቃዴ ለቀቅኩ። አባቴን ስትሮክ መትቶት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ሲለው፣ ቀን ከሌት አጠገቡ የሚሆን ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። 20 ወር አስታመምኩት፤ አረፈ። ሐዘኑ ሳይወጣልኝ እኔ ራሴ ታመምኩ፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ እስካገግም ሌላ 11 ወር ሄደ። አሁን ደህና ነኝ። ሥራ መፈለግ ከጀመርኩ 3 ወር ሆነኝ። ሲደመር 2 ዓመት ከ10 ወር።

ባለፈው ሳምንት ቃለ መጠይቅ ገባሁ። ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። «እዚህ ጋ ክፍተት ይታያል፤ ምን ነበር?» አሉኝ። አባቴ ከወደቀበት ቀን ጀመርኩ፤ ሐኪሙ ያለውን ሳይቀር ነገርኳቸው፤ ከዚያ ወደ ራሴ ሕመም ገባሁ፤ መሃል ላይ እንባዬ መጣ። አንዷ ውሃ ቀዳችልኝ፣ አንዱ «ነፍስ ይማር» አለ። ከተሰጠኝ ግማሽ ሰዓት 10 ደቂቃ ያህሉ በዚህ አለቀ። ስለ ሥራ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አልጠሩኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አለኝ። መዋሸት አልፈልግም፤ ያን ሁሉ ደግሞ መዘርገፍ አልፈልግም። ሁለቱንም ምክንያት መናገር አለብኝ? ወይስ አንዱን?

ደፋሩ

እህቴ ምን አስጨነቀሽ? ሲቪሽ ላይ ወሩን አውጪና ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ጻፊ፤ ክፍተቱ አይታይም። ስለ ጤና መጠየቅ ደግሞ በሕግ ክልክል ነው። ከጠየቁሽ «ይህን የመጠየቅ መብት የላችሁም» በያቸው፤ አለቀ።

የመንታዎች እናት

አይዞሽ እህቴ፣ እኔም ከወሊድ በኋላ 3 ዓመት ቤት ነበርኩ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው የተመለስኩት። ማን እንደሚጠብቅልሽ አስቀድመሽ አዘጋጂና ቃለ መጠይቁ ላይ ንገሪያቸው፤ መጀመሪያ የሚያስጨንቃቸው እሱ ነው።

ሒሳብተኛዋ

አመሰግናለሁ፤ ግን የእኔ የወሊድ አይደለም። ልጅም የለኝም።

የመንታዎች እናት

ውይ፣ ይቅርታ! ርዕሱን ብቻ አንብቤ ነው የጻፍኩት። ነፍስ ይማር።

ሺህ ሲቪ

የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ 17 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጬ ነው። አንድ ነገር ላስቀድም። ያ ጥያቄ ሲነሳ ጠያቂው የሕመሙን ስም ማወቅ አይፈልግም። በልቡ የሚያመላልሰው ሦስት ነገር ነው። ተባርራ ይሆን? እጇ ዝጎ ይሆን? ነገ ደግሞ ትታን ትሄድ ይሆን? አንቺ 10 ደቂቃ ስታወሪ ከሦስቱ አንዱንም አልመለስሽም። በፈቃድሽ መልቀቅሽን እንኳ እዚህ ጽፈሽዋል እንጂ እነሱ መስማታቸውን እጠራጠራለሁ።

ሰዎቹ ስላዘኑልሽ ጥሩ የሄደ ሊመስል ይችላል። ውሃ ከተቀዳ ግን ጠያቂው ገምጋሚነቱን ትቶ አጽናኝ ሆኗል። አጽናኝ ከባድ ጥያቄ አይጠይቅም፤ ከባድ ጥያቄ ካልተጠየቅሽ ደግሞ ችሎታሽን የምታሳዪበት ቦታ አይኖርም። በኋላ ነጥብ ሲሰጥ ስለ አንቺ ወረቀቱ ላይ የሰፈረ ነገር ያንሳል። ጨክነው ላይሆን ይችላል፤ የሚጽፉት አጥተው ነው።

ደፋሩ ወንድሜ፣ ዓመተ ምሕረት ብቻ መጻፍ የሚጠቅመው ክፍተቱ የ4 ወይም የ5 ወር ሆኖ ዓመት ሲሻገር ነው። 34 ወር በዓመትም ብትጽፈው ያው ባዶ ነው። ደግሞም ብዙ ቀጣሪ ለቀድሞው መሥሪያ ቤት ደውሎ የገባችበትንና የለቀቀችበትን ወር ይጠይቃል። ወሩን የደበቀ ሰው ሌላም የደበቀ ይመስላል።

ሕጉን በተመለከተ ግማሹ ልክ ነህ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ ቀጣሪ የሥራ ግብዣ ከማቅረቡ በፊት ስለ ጤና እንዳይጠይቅ ይገድባል። አሜሪካም በ1990 የወጣ ተመሳሳይ ሕግ አላት። ግን ሁለቱም ጋ ግብዣው ከቀረበ በኋላ በሁኔታው የሕክምና ምርመራ መጠየቅ ይቻላል። ሕጉ በየአገሩ ይለያያል፤ ያለበትም አገር ቢሆን «መብት የላችሁም» ብሎ መመለስ ክርክር ይከፍታል እንጂ ያንን ወንበር አያሰጥም።

እህቴ፣ ለመናገር ያሰብሽውን እዚሁ ጻፊው። አብረን እንቁረጠው።

ሒሳብተኛዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሊቱን የጻፍኩት ይኸውልዎት፦

«እንግዲህ እንዳያችሁት ከሥራ ትንሽ ርቄ ቆይቻለሁ፤ ለዚህም ይቅርታ እጠይቃለሁ። አባቴ በድንገት ስትሮክ መትቶት አልጋ ላይ ዋለ፤ ሌላ የሚያስታምመው ስላልነበረ ሥራዬን ለመልቀቅ ተገደድኩ። እንዳለመታደል ሆኖ አባቴ አረፈ። ከዚያ እኔም ታምሜ ኦፕራሲዮን ሆኜ ነበር፤ አሁን ግን ደህና ነኝ ብዬ አስባለሁ። በዚህ ጊዜ ከሙያዬ ብርቅም ትጉህ ስለሆንኩ ቶሎ እይዘዋለሁ። ዕድሉን ብትሰጡኝ አላሳፍራችሁም።»

ሺህ ሲቪ

ሙያሽ ሒሳብ ስለሆነ እንደ ደብተር እያንዳንዱን መስመር እንመርምር።

«ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይውጣ። ጥፋት ሳይኖር ይቅርታ ከቀደመ ሰሚው ጥፋቱን መፈለግ ይጀምራል። «ለመልቀቅ ተገደድኩ» የሚለው አደገኛ ነው፤ ድርጅቱ ያስገደደሽ ያስመስላል። በፈቃድሽ ለቀሻል፤ «በራሴ ፈቃድ ለቀቅኩ» በይ። አንዷ ሐረግ የመጀመሪያውን ጥርጣሬ ትዘጋለች።

«ደህና ነኝ ብዬ አስባለሁ» ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። አንቺ ለትሕትና ያልሽውን እነሱ «እርግጠኛ አይደለችም» ብለው ይሰሙታል። ሐኪምሽ ሥራ መጀመር ትችያለሽ ብሎሻል? ብሎሽ ከሆነ እሱኑ ቁርጥ አድርገሽ ተናገሪ።

ስትሮክ፣ አልጋ፣ ኦፕራሲዮን፤ ሦስቱም ሥዕል የሚፈጥሩ ቃላት ናቸው። ሥዕል ጥያቄ ይጠራል፤ «የምን ኦፕራሲዮን?» ማለት የሰው ተፈጥሮ ነው። «የቤተሰብ አባል ማስታመም» እና «የራሴ ሕክምና» ስትዪ ሥዕል የለም፤ ውሸትም የለም።

ሁለቱንም ወይስ አንዱን ላልሽው፣ ሁለቱንም ጥቀሺ፤ ነገር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ። አንዳንድ ሰው ማስታመም ይከበራል፣ የራስ ሕመም ግን ያስፈራል ብሎ 34ቱንም ወር በአባቱ ስም ያደርጋል። አታድርጊው። የቀድሞ ባልደረባሽ በሪፈረንስነት ሲጠየቅ «አባቷ ካረፉ እኮ ቆይቷል» ቢል ያ ሁሉ እውነት በአንዲት ቃል ይፈርሳል። አጭር መልስ ጊዜውን በሙሉ መሸፈን አለበት። ሪፈረንስ ለሚሆኑሽም አስቀድመሽ ደውይና ምን እንደምትዪ ንገሪያቸው፤ ሰው የሚያበላሸው ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ አዝኖልሽ የማትፈልጊውን ዝርዝር ያወራል።

አሁን አንድ የሚጎድል ነገር አለ። «ትጉህ ነኝ፣ ቶሎ እይዘዋለሁ» ሁሉም የሚለው ነው። ላለፉት 3 ወራት ከሙያሽ ጋር የተያያዘ ምን አድርገሻል? ትንሽ ቢሆንም ንገሪኝ።

ሒሳብተኛዋ

ሐኪሜ ያለ ምንም ገደብ መሥራት ትችያለሽ ብሎኛል። «ብዬ አስባለሁ» ያልኩት ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ አፌ ላይ ነው የመጣው።

ከሙያው ጋር የተያያዘ ብዙ የለኝም። የአንዲት ዘመዴን አነስተኛ ንግድ መዝገብ ለ2 ወር ያህል በኤክሴል ስይዝ ነበር። ሌላው፣ እኔ በሌለሁበት ምን ተቀየረ ብዬ ሳነብ አይኤፍአርኤስ 18 የሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ በ2024 መውጣቱን አየሁ። በቀድሞው ደረጃ በአይኤኤስ 1 ቦታ የሚተካ ነው። የትርፍና ኪሳራ መግለጫው በኦፕሬቲንግ፣ በኢንቨስቲንግ፣ በፋይናንሲንግ እየተከፈለ እንዲቀርብ ያደርጋል፤ አስገዳጅ የሚሆነው ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ለሚጀምሩ የሒሳብ ዓመታት ነው። ማስታወሻ ይዣለሁ፤ ይህም ይቆጠራል?

ሺህ ሲቪ

እንዴት አይቆጠር! ይህን እኮ ሥራ ላይ ያሉትም ገና ያላነበቡት ብዙ ናቸው። እንዲህ ይሁን፦

«የቀድሞ ሥራዬን በራሴ ፈቃድ ለቀቅኩ፤ መጀመሪያ የቤተሰብ አባል አስታምሜያለሁ፣ ቀጥሎ የራሴን ሕክምና ጨርሻለሁ። ሁለቱም ተጠናቀዋል፤ ያለ ገደብ ሙሉ ሰዓት ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። ባለፉት ወራት የአንድ አነስተኛ ንግድ መዝገብ ይዣለሁ፤ አይኤፍአርኤስ 18 በሪፖርት አቀራረብ ላይ የሚያመጣውንም ለውጥ እየተከታተልኩ ነው። የእናንተ ድርጅት ለእሱ መዘጋጀት ጀምሯል?»

ጮክ ብለሽ ስትዪው ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ለጌጥ አልገባም፤ ወሬውን ከሕመም ወደ ሥራ የሚያሻግረው እሱ ነው። ከዚያ ዝም በይ። ብዙ ሰው መልሱን በደንብ ይልና የጠያቂው ዝምታ ሲረዝምበት «ማለቴ…» ብሎ ይቀጥላል። የጠያቂው ዝምታ አብዛኛውን ጊዜ መጻፍ ነው። ይጻፍ፤ ተይው።

መሥራት አለመሥራቱን የምታውቂው በሚቀጥለው ጥያቄ ነው። ስለ ሥራ ከሆነ አልፈሻል። ስለ ክፍተቱ ሁለተኛ ጥያቄ ከመጣ አንድ ክር ተንጠልጥሎ ቀርቷል ማለት ነው።

ሌሊት ፈረቃ

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ይቺ ልጅ ካለቀሰችስ? እኔ ወንድሜን ያስታመምኩ ጊዜ ያቃተኝ የሚባለውን ማወቅ አልነበረም፤ «ወንድሜ» የምትለዋ ቃል ራሷ ጉሮሮዬን ትዘጋው ነበር። በስልኬ እየቀረጽኩ ተለማመድኩ። መጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም አቋረጥኩ። ከሳምንት በኋላ ግን እንደ ስልክ ቁጥር ከአፌ ይወጣ ጀመር። ሐዘኑ ስለቀለለ አልነበረም፤ ዓረፍተ ነገሩ ስለደነዘዘ ነው።

ሒሳብተኛዋ

«የቤተሰብ አባል» ስል ራሴን ሞከርኩት፤ ድምፄ አልተሰበረም። «አባቴ» ስል ግን አሁንም አልችልም። ይገርማል፣ ያው ሰው ነው።

እውነት ይበልጣል

እኔ በዚህ ሁሉ ቅመራ አልስማማም። ለ2 ዓመት በከባድ ሕመም ተኝቼ ነበር። ቃለ መጠይቁ ላይ የሕመሜን ስም ሳልደብቅ ሁሉንም ተናገርኩ። የክፍሉ ኃላፊ ባለቤቱ በዚያው ሕመም ያለፈች ሆኖ ተገኘ። ቀጠረኝ፤ ዛሬም አብረን ነን። እንዲህ መጥኜ ብናገር ኖሮ ያንን ሰው አላገኘውም ነበር።

ሺህ ሲቪ

ደስ ይላል፤ እንዲህ ያለ ነገርም አይቻለሁ። ከጠረጴዛው ማዶ ማን እንደተቀመጠ ግን ገብተን እስክናየው አናውቅም። ያው የሕመም ስም አንዱን ሲያቀርብ ሌላውን ያርቃል። አጭሩን ብለሽ ሰውየው ልቡን ሲከፍት ካየሽ መጨመር ትችያለሽ፤ የተነገረውን መመለስ ግን አይቻልም።

እውነት ይበልጣል

እሱስ ልክ ነዎት። ግን እኔ አሁንም እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ጥያቄ አለኝ

ክሩን ላበላሽ አይደለም፤ የእኔ ግን ትንሽ ይለያል። የእኔ ሕመም አልተጠናቀቀም። በየ3 ወሩ ለክትትል አንድ ቀን መቅረት አለብኝ። «ተጠናቋል» ካልኩ ዋሸሁ፤ አልተጠናቀቀም ካልኩ ማን ይቀጥረኛል?

ሺህ ሲቪ

«ተጠናቋል» አትበል። «ሁኔታው ተረጋግቷል፤ ይህን ሥራ ለመሥራት አያግደኝም» በል፤ እውነት ከሆነ። የፈቃዱን ጉዳይ የሥራ ግብዣውን ከተቀበልክ በኋላ፣ ሥራ የምትጀምርበት ቀን ሲወሰን አንሳው። «በየ3 ወሩ አንድ ቀን የታቀደ ቀጠሮ አለኝ፤ ቀኑን ቀድሜ አሳውቃለሁ» ይበቃል። ቀን ነው የምትጠይቀው፤ የሕመሙ ስም አብሮ አይሄድም። ሥራው ራሱ ከሕመሙ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ራሱን የሚስት ሰው ለሾፌርነት ቢያመለክት ይህ ምክር ለእሱ አይሆንም፤ ሌላ ሰውም አለበትና አስቀድሞ መናገር ግዴታው ነው።

ደፋሩ

ቅጽ ላይስ? «ባለፉት 5 ዓመታት ከባድ ሕመም ነበረብዎ?» የሚል ሳጥን አጋጥሞኛል። እኔ «የለም» ላይ ምልክት አድርጌ አለፍኩ።

ሺህ ሲቪ

ወንድሜ፣ በቃል ዝርዝር መተውና በፊርማ ሐሰት ማስፈር አንድ አይደሉም። ከዓመታት በኋላ እንኳ ያ ወረቀት ተገልጦ ሥራ ሊያሳጣ ይችላል። እኔ ብሆን ሳጥኑን ባዶ ትቼ «በአካል ላስረዳ» ብዬ እጽፍ ነበር።

ሌሊት ፈረቃ

ባዶ ሳጥን ሲያዩ ቅጹን ያልተሟላ ብለው የሚጥሉስ? በኮምፒውተር የሚሞላው ደግሞ ባዶ ከሆነ ወደ ቀጣዩ ገጽ አያሳልፍም።

ሺህ ሲቪ

እሱ ላይ መልስ የለኝም። የሚያሳልፍ ካልሆነ እኔ «አዎ» ብዬ ከሥሩ «ታክሜ ተረጋግቷል» የምል ይመስለኛል፤ ሌላው በዚህ ላይስማማ ይችላል።

ሒሳብተኛዋ

ሲቪው ላይስ ምን ልጻፍ? ያንን ጊዜ ባዶ ልተወው?

ሺህ ሲቪ

ባዶ አትተዪው፤ ሰው ባዶውን በራሱ ግምት ይሞላዋል። እንደ ማንኛውም የሥራ ቦታ ከወር እስከ ወር ጽፈሽ «በቤተሰብና በጤና ምክንያት ከሥራ መራቅ፤ ተጠናቋል» ብለሽ አንድ መስመር አስቀምጪ። ከሥሩ የዘመድሽን ንግድ መዝገብ መያዝሽን ጨምሪ። የማስታመሙን ነገር ወደ «የጊዜ አያያዝ ክህሎት» ለመቀየር የሚሞክሩ አሉ፤ አንባቢ ፈገግ ይላል፤ ይቅርብሽ። ሊንክድኢን ከ2022 ጀምሮ ለዚህ `Career break` የሚባል ቦታ ከፍቷል፤ እዚያም ከሲቪሽ ጋር አንድ ዓይነት ቀን አስገቢ። አንዱ መጋቢት ሌላው ግንቦት ሲል ያየ ሰው፣ ስትሮክ ሰምቶ የማይጠይቀውን ይጠይቃል።

ሒሳብተኛዋ (ከ9 ቀን በኋላ)

ተመልሼ መጣሁ። ጥያቄው የመጣው በአምስተኛው ደቂቃ ገደማ ነው። ያጠናሁትን አልኩ፤ «ፈቃድ» የሚለው ላይ ትንሽ ተንተባተብኩ እንጂ እስከ መጨረሻው ደረስኩ። ሰውየው ሲጽፍ ዝም አልኩ። እጄን ጠረጴዛ ሥር ጨብጬ ነበር።

ከዚያ ቀና ብሎ፣ «የራስዎ ሕክምና ያሉት ምን ነበር?» አለኝ። ይህን አልተለማመድኩም! የወጣልኝ፣ «የግል ጉዳይ ነው፤ ዋናው ነገር ሐኪሜ ያለ ገደብ እንድሠራ ፈቅዶልኛል» የሚል ነበር። አልተቆጣም፤ «እሺ» አለ። አጠገቡ ያለችው ሴት፣ ስለ አይኤፍአርኤስ 18 ገና እንዳልጀመሩ ነገረችኝና፣ የባንክ ሒሳብ ሳይታረቅ የወር መጨረሻ ቢደርስ ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ። ከእዚያ በኋላ የቀረው ጊዜ በሙሉ ስለ ሥራ ነበር።

ውጤቱን ገና አልነገሩኝም።

ሺህ ሲቪ

«ምን ነበር?» ለሚለው የመለስሽው እኔ ልሰጥሽ ከነበረው ይሻላል። «የግል ጉዳይ ነው» ስትዪ ድምፅሽ ምን ይመስል ነበር?

ሒሳብተኛዋ

ቀስ ያለ ነበር። ፈገግ ያልኩም ይመስለኛል።

ጥያቄ አለኝ

እህቴ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ወስጃታለሁ። ማክሰኞ ተራዬ ነው።